ከማንጎው በታች የተመለሱት ስድሳ ካርቶኖች

የወርቅውሃን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይመሰክርላታል፤ እሷ ዘንድ «ነገ ና» የሚባል ነገር የለም። ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ሰማያዊ በር ያለው መጋዘን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ትዕዛዝ ትቀበላለች፣ ዕቃ ታስጭናለች፣ ታስራግፋለች፣ የገባ የወጣውን ኮምፒውተር ላይ ትመዘግባለች። ማከፋፈያው ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ ብስኩት፣ ማኮሮኒ፣ ሳሙናና ዘይት ለክልሉ ባለሱቆች በዱቤ ይሰጣል። ባለሱቁ ግን አዲስ አበባ የተቀመጡትን ሰዎች ከየት ያውቃቸዋል? የሚያውቀው የወርቅውሃን ነው። ስልኳ ሲጠራ፣ ከመንጌ ይሁን ከካማሺ፣ ከወዲያ ያለው ሰው «እህቴ፣ ችግር ገጥሞኝ ነበር» ብሎ ይጀምራል። እሷም «በል ንገረኝ፣ መላ አናጣም» ትላለች። ጉድ የሠራት ይኸው «መላ አናጣም» ነው።

እናትና አባቷ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው። እሷ የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ስም ሳይሆን ቁጥር ከተሰጣቸው የሰፈራ መንደሮች በአንዱ። አባቷ ከበርታ ጎረቤቶቹ ጋር ዘር ሲበዳደር፣ በሬ ሲዋዋስ፣ ወረቀት የሚባል ነገር አውጥቶ አያውቅም። «ሰጠሁህ፣ ተቀበልሁህ» ከተባባሉ አለቀ። የወርቅውሃ በኋላ የሒሳብ ሥራ ተምራ፣ ዲፕሎማዋን ይዛ፣ ቅጽና ማኅተም የሞላበት መጋዘን ገባች እንጂ በሆዷ ያው የአባቷ ልጅ ናት። ሰው ካመነችው፣ ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል ባይ ናት።

እንግዲህ ግንቦት ስምንት ቀን ዓኢሻ ደወለች።

ዓኢሻ የመንጌ ባለሱቅ ናት። ሃምሳን የተሻገረች በርታ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳን የመክፈያ ቀን አሳልፋ የማታውቅ ደንበኛ። አማርኛዋ ወንድ ሴት አይለይም፤ የምታናግረው ሰው ሁሉ «አንተ» ነው።

«የወርቅ፣ ሰላም ነህ? ልጆች ደህና?»

«ደህና ናቸው እትዬ ዓኢሻ፤ አንቺስ?»

«አልሐምዱሊላህ። እኔ ማኮሮኒ ነው ያዘዝኩት። ስድሳ ካርቶን። ብስኩት መጣ።»

የወርቅውሃ ትዕዛዙን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችው። እውነቷን ነው። ዓኢሻ በስልክ ያዘዘችው ማኮሮኒ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ትዕዛዝ የሚመዘግበው ሰው የዕቃውን መለያ ቁጥር የመጨረሻ አኃዝ ስቶ ብስኩት አድርጎታል። ሲስተሙ ብስኩት አለ፣ መጋዘኑ ብስኩት ጫነ፣ ደረሰኙም በብስኩት ተቆረጠ። ስድሳ ካርቶን በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር፣ ከነታክሱ መቶ ሃያ አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር በዓኢሻ ስም ተመዝግቦ ቁጭ ብሏል።

«አረፋ ደርሷል» አለች ዓኢሻ። «ለአረፋ ሰው ማኮሮኒ ነው የሚፈልገው። ብስኩት ለማን ልሽጥ?»

ደንቡ የታወቀ ነው። የሚመለስ ዕቃ ካለ፣ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ የመመለሻ ፈቃድ ይጠየቃል። ፈቃዱ ቁጥር ይዞ ሲመጣ የጭነት ሰነድ ይታተማል። ሾፌሩ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ካርቶኑን ይቆጥራል፣ ደረቅ ይሁን እርጥብ፣ የታሸገ ይሁን የተቀደደ ያያል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ከዚያ ወዲያ ዕቃው ቢበላሽ ተጠያቂው ሾፌሩ ነው። ጥሩ ደንብ ነው፤ ማንም አይጠላውም። ግን ፈቃዱ ለመምጣት አራት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት ይፈጃል። የድርጅቱን ዕቃ በኪራይ የሚያጓጉዘው አይሱዙ ደግሞ መንጌን የሚያልፈው ግንቦት አሥራ ሁለት ነው። ያ ካለፈ እስከ አረፋ ማግሥት አይመለስም።

«መላ አናጣም» አለች የወርቅውሃ። «ሾፌሩ ኤጀታ አሥራ ሁለት ቀን በዚያ ያልፋል። ዕቃውን ስጪው።»

«ወረቀት?»

«ወረቀቱን እኔ እዚህ እጨርሰዋለሁ። አንቺ ዕቃውን ብቻ አስጭኚ።»

«አንተ ካልክ አለቀ» አለች ዓኢሻ። «አማና ነው፤ አደራ።»

ኤጀታ የባምባሲ ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ መንገዱን ጨለማ ውስጥ እንኳን በጠረኑ የሚያውቀው ሾፌር። እሱም እንደ ሾፌር ሁሉ አንድ ልማድ አለው። መኪናው ዕቃ አራግፎ ባዶውን ከሚመለስ፣ በማንጎ ወቅት ማንጎ ጭኖ ይመለሳል። መንጌ ላይ በርካሽ ገዝቶ አሶሳ ገበያ ይሸጠዋል። ይህን ድርጅቱም ያውቃል፣ የወርቅውሃም ታውቃለች፤ አንድም ሰው ከልክሎት አያውቅም። ባዶ መኪና መመለሱ ለማን ይጠቅማል? እንዲያውም በመጣ ቁጥር አንድ ፌስታል ማንጎ ለእሷ ሳይሰጥ አያልፍም።

አሥራ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናው ግቢ ገባ። ማንጎውን ገበያ አውርዶ መምጣቱ ነው፤ ሸራው ተገልጦ ካርቶኖቹ ብቻ ቀርተዋል። የወርቅውሃ ከኋላ በኩል ወጥታ አየች። ከበሩ በኩል ያሉት ካርቶኖች እንደተላኩ ናቸው፤ ደረቅ፣ ጽዱ፣ ማሸጊያቸው ያልተነካ። ጫኝ አውራጆቹ ቀኑ ስለመሸባቸው ይቸኩላሉ። እሷም ትቸኩላለች፤ ነገ እሑድ ነው፣ ሰኞ ጠዋት የዓኢሻ ሒሳብ ካልተስተካከለ ዓኢሻ በሌላ መኪና የምታስወስደው ማኮሮኒ ለአረፋ አይደርስም።

«ስድሳው ሙሉ ነው?»

«ቁጠሪው እህቴ፣ ስድሳ» አለ ኤጀታ። «እቺን ለልጆች።» ፌስታሉን ዘረጋላት።

ቆጠረችው፤ ስድሳ ነው። አንድ በአንድ ገልብጣ ግን አላየችም። ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ የተመላሽ ዕቃ መረከቢያውን ሞላች። ሲስተሙ ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ጠየቃት፤ ዕቃው «ለሽያጭ ዝግጁ» ነው ወይስ «ለምርመራ የተያዘ»? የተያዘ ካለች መርማሪ ይመጣል፣ ቀን ይፈጃል። «ለሽያጭ ዝግጁ» የሚለውን ነካችው። ስድሳው ካርቶን ወዲያውኑ የአሶሳ መጋዘን ክምችት ላይ ተደመረ፤ የዓኢሻን ዕዳ የሚቀንሰው ክሬዲት ኖት ጥያቄም ወደ አዲስ አበባ ሄደ። የወርቅውሃ ፌስታሏን አንጠልጥላ ቤቷ ገባች። ልጆቹ እስከ ክርናቸው እየተጨማለቁ ማንጎውን ጨረሱት።

ሰኞም፣ ማክሰኞም ክሬዲት ኖቱ አልመጣም።

አዲስ አበባ ክሬዲት ኖት የሚያጸድቀው ሰራዊት የሚባል የፋይናንስ ኃላፊ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ «ይገባኛል» ሳይል ደግሞ እምቢ አይልም።

«ይገባኛል የወርቅውሃ» አላት በስልክ። «ግን የመመለሻ ፈቃድ ቁጥር የለውም።»

«ዕቃው እኮ መጋዘን ገብቷል አቶ ሰራዊት! በእጄ ነው ያለው!»

«ይገባኛል። ግን ያለ ፈቃድ እንዴት ገባ?»

የፈቃድ ጥያቄውን ገና አሁን፣ ዕቃው ከገባ በኋላ አቀረበች። በዚህ መሀል ሲስተሙ ሥራውን አላቆመም። አሶሳ ስድሳ ካርቶን ብስኩት ለሽያጭ ዝግጁ አለ፣ ይላል። ስለዚህ በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የብስኩት ጭነት ለአሶሳ አያስፈልግም ተብሎ ቀረ። ያንኑ ስድሳ ካርቶን ደግሞ የሽያጭ ክፍሉ ዲሳሳ ለሚባል የባምባሲ ነጋዴ ሸጠው። ዲሳሳ ገንዘቡን ቀድሞ አስገብቷል፤ ለልጁ ሠርግ ነው።

አሥራ ሰባት ቀን ጠዋት ለዲሳሳ ሊጫን ካርቶኖቹ ከተደረደሩበት ተነሡ። ከፊት ያለው ረድፍ ደህና ነው። ሁለተኛው ሲነሳ አንዱ ጫኝ «ኧረ ጉድ!» ብሎ እጁን አራገፈ። ጉንዳን ወርሮታል። ካርቶኑ ረጥቦ ተቦጭቋል፤ ቢጫ ሆኗል፤ ይጣበቃል፤ ይሸታል። የወርቅውሃ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው። የዝናብ ውኃ አይደለም። ከአንዱ ካርቶን ጥግ የማንጎ ቃጫ ተጣብቋል።

አንድ በአንድ አስቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ ደረቅ። አርባ አንድ የተበላሸ።

«በሞትሁት!» አለች። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከማንጎው ጆንያ በታች የተጫኑት እነዚያ ነበሩ፤ በዚያ ጎርበጥባጣ መንገድ፣ በዚያ ሙቀት፣ ማንጎው እየተጨፈለቀ ጭማቂው ሲወርድባቸው ዋለ። እሷ ደግሞ የዚያኑ ማንጎ ፌስታል ይዛ ቤቷ ገብታለች።

ኤጀታ ስልክ ሲደወልለት ሳቁ የለም። «ዝናብ ነው እህቴ» አለ። «ሸራው ያፈሳል፣ ነግሬ ነበር።»

«ዝናብ ይጣበቃል እንዴ ኤጀታ? ዝናብ ጉንዳን ይጠራል?»

«እኔ ምን አውቄ? ሴትዮዋ ስትሰጠኝ እንዴት እንደነበረ ማን ያየዋል? ምን ፈርሜ?»

ይቺ «ምን ፈርሜ» ደሟን አፈላችው። የሚያናድደው ውሸቱ አይደለም፤ እውነት መሆኑ ነው። ምንም አልፈረመም። እንዳይፈርም ያደረገችው እሷ ናት።

ዲሳሳ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጮኸ፣ ሰደበ፣ ገንዘቡ እንዲመለስለት ጠየቀ። የወርቅውሃ አርባ አንዱን ከ«ለሽያጭ ዝግጁ» አውጥታ «የተያዘ» ላይ አዛወረችው። ይህን እንዳደረገች በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰራዊት ደወለ።

«አሥራ ሁለት ቀን ደህና ብለሽ ተቀበልሽ። አሥራ ሰባት ቀን ተበላሸ አልሽ። የተበላሸው መጋዘንሽ ውስጥ ነው ወይስ ደንበኛዋ ዘንድ?»

«መንገድ ላይ ነው! ማንጎ ተጭኖበት ነው!»

«የጭነት ሰነዱ ላይ ምን ይላል?»

«ሰነድ የለም።»

«ይገባኛል» አለ ሰራዊት። «እንግዲህ ለአሥራ ዘጠኙ ክሬዲት ኖት አዘጋጃለሁ። አርባ አንዱን ደንበኛዋ ትከፍላለች።»

«ያላዘዘችውን? የመለሰችውን? ስህተቱ እኮ የተነሳው ከእናንተ ነው!»

«እንዲያም ሆነ እንዲህ ከሰኔ አንድ በፊት አይሆንም» አለ ሰራዊት። እዚህ ላይ ግን ድምፁ ትንሽ ዝቅ አለ። «ግንቦት ሊዘጋ ነው። የአሶሳ ዕቅድ ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ፤ ሽያጫችሁ ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ። የስድሳው ካርቶን ዋጋ ታክሱ ሳይቆጠር መቶ ስምንት ሺህ ነው። ክሬዲት ኖቱ አሁን ከወጣ ከሽያጩ ይቀነሳል፤ ዕቅዱ ይወድቃል። ጉርሻው ለእናንተም ለኛም ይቀራል።»

ስልኩን ዘጋችው። ይታያችሁ እንግዲህ! የተመለሰ ዕቃ፣ ማንም ያልገዛው፣ ገሚሱ ጉንዳን እየበላው፣ ወረቀት ላይ ግን የተሸጠ ሆኖ የወር ዕቅድ ያሟላል። ዕቃው መጋዘኑ ውስጥ አለ፤ ዕዳውም ዓኢሻ ላይ አለ። አንድ ብስኩት ሁለት ቦታ! ታክሱም ሳይቀር ለመንግሥት ሊገባ ነው፣ ላልተደረገ ሽያጭ።

ዓኢሻ ደግሞ በየቀኑ ትደውላለች። የዱቤ ጣሪያዋ መቶ ሃምሳ ሺህ ነው። ሲስተሙ መቶ ሃያ አራት ሺህ ሁለት መቶው ዕዳ አለባት ስለሚል የቀራት ሃያ አምስት ሺህ ስምንት መቶ ብር ብቻ ነው። ለአረፋ ያዘዘችው ማኮሮኒና ዘይት ዘጠና ስድስት ሺህ ያወጣል። ማዘዣውን ባስገባች ቁጥር ቀይ ጽሑፍ ይመጣል፤ «ትዕዛዙ ታግዷል፤ ደንበኛው ከገደብ አልፏል»።

«የወርቅ፣ ዛሬስ?»

«ዛሬም አልተፈታም እትዬ ዓኢሻ።»

«እኔ ብስኩቱ የለኝም። ማኮሮኒውም የለኝም። ዕዳው ግን አለኝ?»

«አዎ» ትላለች የወርቅውሃ። በዚያ ሳምንት «መላ አናጣም» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም።

ሃያ አንድ ቀን ተቀምጣ ለሰራዊት አንድ ገጽ ጻፈች። ዕቃው ያለ ፈቃድና ያለ ሰነድ እንዲመለስ ያዘዘችው ራሷ መሆኗን፣ ሾፌሩ ማንጎ መጫኑን፣ ሳታገላብጥ ደህና ብላ መረከቧን፣ የማንጎውን ፌስታል እንኳን ሳትደብቅ ጻፈችው። ላከችው። «ደርሶኛል» የሚል መልስ መጣ፤ ሌላ የለም። ሃያ ዘጠኝ ቀን አረፋ ሆነ። ከመስጊድ የሚመለሰው ሰው በመጋዘኑ በር ሲያልፍ የወርቅውሃ ቀና ብላ ማየት አፈረች። ዓኢሻ ሦስት ፍየል ሸጣ፣ አሶሳ ገበያ ካለ ጅምላ ሻጭ በጥሬ ገንዘብ፣ በውድ ዋጋ ማኮሮኒ ገዝታ እንደሄደች ከሌላ ሰው ሰማች።

ሰኔ ሦስት ቀን ክሬዲት ኖቱ መጣ። ለስድሳውም! የወርቅውሃ ዓይኗን አላመነችም። ሙሉ መቶ ሃያ አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር ከዓኢሻ ሒሳብ ተቀንሷል። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ፣ የወርቅውሃን ማንም ምንም አላላትም። ወዲያው ደወለችላት፤ ዓኢሻ በማግሥቱ ጠዋት ነጭ ሻሿን አስራ መጋዘኑ ገባች።

«ይኸው፣ ዕዳሽ ተነሳ!» አለች የወርቅውሃ ወረቀቱን እየዘረጋች።

ዓኢሻ አገላብጣ አየችው። «አንብብልኝ።»

የወርቅውሃ ማንበብ ጀመረች። ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የሚሰረዝለትን የቀድሞ ደረሰኝ ቁጥር። «አሥራ ዘጠኝ ካርቶን፤ ምክንያት፣ የተሳሳተ ዕቃ በመላኩ።» ቀጥሎ ያለውን መስመር ዓይኗ ቀድሞ አየው። አፏ ቆመ። ብትዘለው ማን ያውቃል? ገንዘቡ ያው ነው። እሷም ነፃ ናት። ዓኢሻም የመንጌ መኪና ተሳፍራ ትሄዳለች።

«ቀጥል» አለች ዓኢሻ።

«አርባ አንድ ካርቶን፤ ምክንያት፣ በደንበኛው ዘንድ የተበላሸ፤ በድርጅቱ ልዩ አስተያየት የታለፈ።»

ዓኢሻ ከወረቀቱ ቀና አለች። «እኔ ዘንድ ተበላሸ?»

«የተጻፈው እንደዚያ ነው እንጂ...»

«እኔ ዘንድ?»

«ዋናው ገንዘቡ ነው እትዬ ዓኢሻ። ዕዳው እኮ የለም አሁን።»

«በፊትም የለም!» ዓኢሻ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ጫኞቹ ዞር አሉ። «የሌለብኝን ዕዳ ማን ነው የሚምረኝ? ወላሂ፣ ደረቅ ነው የሰጠሁት። ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። ለአንተ አማና ብዬ ሰጠሁ። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? አበላሸሁ፣ ከዚያ ማሩኝ ልበል?»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። በሩ አጠገብ ካለው የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀመጠች። «እስኪስተካከል እዚህ ነኝ» አለች።

የወርቅውሃ መጀመሪያ የተናደደችው በዓኢሻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር። ምናለ ተቀብላ ብትሄድ! ወር ሙሉ ስትለፋ ከርማ፣ መጨረሻ ላይ በአንዲት መስመር? ከዚያ ያቺን መስመር ደግማ አነበበቻት። መንጌ ላይ ዓኢሻ ዱቤ የምትበላው በስሟ ነው። ስሟን ደግሞ የወርቅውሃ ባስመለሰችው ዕቃ፣ በራሷ ጠረጴዛ ላይ በወጣ ወረቀት አበላሹት። ስልኩን አነሳች።

«አቶ ሰራዊት፣ ምክንያቱ ይስተካከል። በማጓጓዝ ላይ የተበላሸ፣ በድርጅቱ ጥፋት፣ ይባል።»

«ገንዘቡ አንድ ነው የወርቅውሃ። ምክንያቱ ምን ለውጥ ያመጣል?»

«ለእሷ ያመጣል።»

«ለአንቺም ያመጣል» አለ ሰራዊት። አሁን «ይገባኛል» አላለም። «በልዩ አስተያየት ካልሁት ይታለፋል። በድርጅቱ ጥፋት ካልሁት ኦዲት ማን ነው ጥፋተኛው ይላል። ባለመኪናውን እንዳልጠይቅ ሰነድ የለኝም። ያለኝ ያንቺ ጽሑፍ ነው። መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬልሽ ነበር።»

ለካ ሰራዊት ደግ ሊሆንላት ኖሯል። የወርቅውሃ ወደ በሩ አየች። ዓኢሻ እጇን አጣምራ፣ ወደ መንገዱ እያየች ተቀምጣለች። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለሆነ ሁሉንም ሰምታለች፤ ግን አልዞረችም።

«ጽሑፌን ያውጡት» አለች የወርቅውሃ።

«አስበሽበታል?»

«ኧረ ያውጡት አቶ ሰራዊት! እንዲያውም ሳላስብ ነው እዚህ የደረስሁት።»

ለምሳ ሰዓት ሲቃረብ የቀድሞው ክሬዲት ኖት ተሰርዞ አዲሱ መጣ። አርባ አንድ ካርቶን፣ በማጓጓዝ ላይ የተበላሸ፤ ያለ ሰነድ እንዲመለስ በመጋዘን ሠራተኛ የወርቅውሃ ትዕዛዝ፤ ደንበኛዋ ተጠያቂ አይደለችም። የተበላሸው ብስኩት ከክምችት ተሰርዞ በኪሣራ ተመዘገበ። የወርቅውሃ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበችው፤ የራሷን ስም ጭምር። ዓኢሻ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፋ ጉያዋ ከተተች፤ «ሐላል» አለችና ወጣች። አመሰግናለሁ አላለችም፤ ማዘዣም አላስገባችም።

ዋና መሥሪያ ቤቱ ከተበላሸው ብስኩት መግዣ ዋጋ ሲሶውን የወርቅውሃ ላይ ጣለ። ሃያ ሺህ አምስት መቶ ብር፣ በየወሩ ሁለት ሺህ ሃምሳ፣ ለአሥር ወር። የግንቦት ጉርሻም በኋላ ተመልሶ ተቆረጠ፤ የሥራ ባልደረቦቿ ሳምንት ሙሉ አኮረፏት። ያን የመለያ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ የሳተውን ሰው ስሙን እንኳን የጠየቀ የለም። ኤጀታ በማንጎው ወቅት ማብቂያ ፌስታል ይዞ መጣ፣ እንደ ዕርቅ። የወርቅውሃ የመመለሻ ቅጽ ከመሳቢያዋ አውጥታ «ይዘኸው ተመለስ፤ ስንት ፍሬ እንደሆነም ጽፈህ ፈርም» አለችው። ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ፈረመ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ የመጀመሪያው ተቆራጭ ደመወዟ ላይ በታየ በሦስተኛው ቀን፣ ስልኳ ጠራ።

«የወርቅ፣ ሰላም ነህ? ልጆች ደህና?»

የወርቅውሃ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ደህና ናቸው እትዬ ዓኢሻ።»

«ስንት ቆረጡህ?»

«ሁለት ሺህ ሃምሳ።»

«በየወሩ?»

«አሥር ወር።»

ከወዲያ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማል። «ወረቀቱን ሱቅ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ» አለች ዓኢሻ። «የገባ ሰው ያነባል። ‹ማን ናት የወርቅውሃ?› ይለኛል።»

«ምን ትያቸዋለሽ?»

«እውነቱን። ‹ዕቃውን ያበላሸች እሷ ናት› እላለሁ።»

የወርቅውሃ እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች።

«ከዚያ ‹ማን ጻፈው?› ይላሉ» አለች ዓኢሻ። «‹እሷው› እላለሁ። በል አሁን ማኮሮኒ ላክልኝ። ስድሳ ካርቶን።»

የወርቅውሃ ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ አዞረች። የመለያ ቁጥሩን አኃዝ በአኃዝ፣ ጮክ ብላ፣ ሁለቴ አነበበችላት።

«ማኮሮኒ ነው?» አለች ዓኢሻ።

«ማኮሮኒ ነው።»